«ድልድዩን ስሻገር ጌሙ ይዘጋል»

መልእክቱ የመጣው ከፍራንክፈርት ነው። «ሰላም ወንድሞቼ፣ ጌማችሁ ቆንጆ ነው። ግን ድልድዩን ተሻግሬ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማ ስደርስ ይዘጋል። አንዳንዴ ደግሞ አይዘጋም። ሙዚቃውም ይጠፋል። እባካችሁ አስተካክሉት።» የጌሙ ቁጥር የለም፣ የኮምፒውተሩ ዓይነት የለም፣ ሰዓቱም የለም። አዲስ አበባ ያሉት ሦስት ወጣቶች፣ ጌሙን የሠሩት ማለት ነው፣ ድልድዩን በተከታታይ ተሻገሩት። ምንም አልሆነም።

ይህን ጌምና ይህን ተጫዋች ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ስህተቱ ግን የፈጠራ አይደለም፤ በየአገሩ ብዙ ፕሮግራም የጣለ፣ ዛሬም የሚጥል የታወቀ ብልሽት ነው። የመረጥኩትም ሎጉ፣ ክራሽ ዳምፑና አንድ በአንድ የመለየቱ ሥራ እያንዳንዳቸው ምን ማሳየት እንደሚችሉ፣ የትኛው ላይ ደግሞ እንደሚቆሙ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ የመጀመሪያው ፈተና ግምት ነው። አንዱ «ሜሞሪ አልቆበት ይሆናል» ይላል፤ ሌላው አንድ የጠረጠራትን መስመር ነካክቶ አዲስ ቅጂ ይልካል። ተጫዋቹ ሁለት ቀን ተጫውቶ «አሁን ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል፤ በሦስተኛው ቀን ይዘጋበታል። ሒሳቡን እንየው። አንድ ጌም በአማካይ ከአምስት ጊዜ አንዴ የሚዘጋ ቢሆን፣ አንድም ነገር ሳይስተካከል አምስት ጊዜ ሞክረኸው አንዴም ሳይዘጋ የመቅረቱ ዕድል 33 በመቶ ያህል ነው። አሥር ጊዜ ብትሞክረው እንኳ 11 በመቶ ገደማ ዕድል ይቀራል። ስለዚህ «ሞከርነው፣ አልዘጋም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይመሰክርም። ጌሙን በፈለጉት ሰዓት ራሳቸው መዝጋት እስኪችሉ ድረስ ኮዱን አለመንካት፣ የሥራው መነሻ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ተጫዋቹ ሊመልሰው የሚችል መሆን አለበት። «ምን አድርገህ ነው የተዘጋው?» ቢሉት «ምንም» ነው የሚለው፤ እውነቱንም ነው። የሚበጀው «ይዘጋል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መለየት ነው። መስኮቱ ድንገት ጠፍቶ ዴስክቶፑ ከታየ ፕሮግራሙ ስህተት ሠርቶ ዊንዶውስ አስወጥቶታል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃ ይተዋል። ምስሉ ደርቆ የሚቆም ከሆነ ግን ፕሮግራሙ አልሞተም፤ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቷል ወይም የማይመጣ ነገር እየጠበቀ ነው። ያኔ ዳምፕ በራሱ አይጻፍም፤ ተጫዋቹ ራሱ ከታስክ ማኔጀር ማውጣት ይኖርበታል። ኮምፒውተሩ በሞላ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ከጌሙ አልፎ ወደ ሾፌሩ፣ ወደ ሙቀቱና ወደ ኃይል ሰጪው ይሄዳል። ሦስቱም በተጫዋቹ አፍ አንድ ቃል ናቸው፦ ይዘጋል።

የፍራንክፈርቱ ልጅ መልስ አጭር ነበር፦ መስኮቱ ይጠፋል። በዋናው ገጽ ጥግ የተጻፈውን የቅጂ ቁጥርም ላከ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጌሙ አቃፊ ውስጥ ሁለት ፋይሎች አያይዞ ላከ፤ አንዱ ሎጉ፣ ሌላው ዳምፑ።

ሎግ ማለት ፕሮግራሙ በየደረሰበት «እዚህ ደርሻለሁ» እያለ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። ጠቃሚ የሚሆነው ግን በጥንቃቄ ከተጻፈ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ጽሑፉን ወዲያው ዲስክ ላይ አያሳርፉም፤ ፍጥነት ለመቆጠብ በሜሞሪ አጠራቅመው በአንድ ላይ ይጽፉታል። ፕሮግራሙ በድንገት ሲሞት የተጠራቀመው አብሮ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ደግሞ በጣም የሚፈለገው የመጨረሻው መስመር ነው። ሎጉን የሚያነብ ሰው «የመጨረሻው መስመር ድልድዩ ላይ ነው፣ ስለዚህ የሞተው ድልድዩ ላይ ነው» ብሎ ሲደመድም የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ወጣቶቹ ይህን ያውቁ ስለነበር ሎጋቸው እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ዲስክ ላይ እንዲያሳርፍ አድርገውታል። የተላከላቸው የመጨረሻ ክፍል ይህን ይመስላል፦

```
[00:00:03] level town1 loaded in 3.42 s
[00:14:20] video bridge.mp4 open
[00:15:31] video bridge.mp4 end
[00:15:32] level river loaded in 0,91 s
[00:15:32] player enters river
```

መጀመሪያ ሲነበብ ምንም ስህተት የለበትም። የመጀመሪያዋ ከተማ ተከፈተች፣ ድልድዩ ላይ የሚታየው አጭር ፊልም ተጀምሮ አለቀ፣ የወንዟ ከተማ ተከፈተች፣ ተጫዋቹ ገባ፣ ከዚያ ዝም። ስህተት የሚል ቃል የትም የለም። ሦስቱም አንብበው ወደ ዳምፑ አለፉ። አንባቢ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ አንደኛውንና አራተኛውን መስመር ቢያስተያይ ደግ ነው።

ክራሽ ዳምፕ ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ በሞተባት ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ ፋይል ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ አደጋ ቦታ ደርሶ መኪኖቹ ሳይነሱ እንደሚያነሳው ፎቶ ማለት ነው። የትኛው ተግባር የትኛውን ጠርቶ እዚያ እንደደረሰ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ምን ቁጥር እንደነበረ፣ የትኞቹ ላይብረሪዎች ተጭነው እንደነበር ይይዛል። አነስተኛው ዓይነት የፕሮግራሙን ሜሞሪ በሙሉ ስለማይገለብጥ በኢሜይል የሚላክ ትንሽ ፋይል ነው፤ ሙሉው ግን ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ይችላል።

ዳምፑ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው የቁጥር ክምር ነው። ቁጥሩን ወደ ተግባርና ወደ ተለዋዋጭ ስም የሚመልሰው ጌሙ ሲሠራ አብሮ የሚወጣው የምልክት ፋይል ነው፤ በዊንዶውስ ስሙ በ `.pdb` የሚያልቀው። ይህ ፋይል ተጫዋቹ እጅ ካለው ቅጂ ጋር አንድ መሆን አለበት። ኮዱ ባይለወጥ እንኳ ትናንት የተሠራው ቅጂ ምልክት ለዛሬው አይሆንም። ለሕዝብ የወጣን ቅጂ ሁሉ ምልክቱን ሳያስቀምጥ ያለፈ ቡድን ዳምፕ ቢደርሰውም አያነበውም፤ ይህ ሲሆን ብዙ አይቻለሁ፣ የሚታወቀውም ዳምፑ ከደረሰ በኋላ ነው። ወጣቶቹ አስቀምጠዋል። `WinDbg` በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ከፍተው ሦስት ትእዛዝ ሰጡ። የወጣው ሲያጥር እንዲህ ነው፦

```
0:000> .ecxr
0:000> k
00 game!GrassGrid::CellAt
01 game!Player::Update
02 game!Game::Frame
0:000> dv
      x       = 12.5
      spacing = 0
      col     = 0n-2147483648
```

የሞቱ ምክንያት ኮድ `c0000005` ነው፤ ፕሮግራሙ የእርሱ ያልሆነ የሜሞሪ ቦታ ነክቷል ማለት ነው። የት እንደሆነም ተጽፏል። በወንዟ ከተማ ረጅም ሣር አለ፤ ተጫዋቹ ሲራመድ ሣሩ ይወዛወዛል። ለዚህ ሲባል መሬቱ በትናንሽ ሕዋሶች ተከፋፍሏል፤ ተጫዋቹ የትኛው ሕዋስ ላይ እንደቆመ ለማወቅ ያለበት ቦታ ለሕዋሱ ስፋት ይካፈላል። ስፋቱ `spacing` ይባላል፤ በዳምፑ ውስጥ ዜሮ ነው። 12.5 ለዜሮ ሲካፈል በፕሮሰሰሩ ዘንድ «ወሰን የለሽ» ይሆናል። ወሰን የለሹን ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጥ ሲባል ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሚመልሰው ያንን ከሁለት ቢሊዮን በታች የወረደ አሉታዊ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ «የዚህን ቁጥር ሕዋስ አምጣ» ብሎ ሄደና ገደል ገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። «ስፋቱ ዜሮ ከሆነ አታካፍል» የሚል አንድ መስመር ይጨመርና ጌሙ አይዘጋም። ችግሩ የወንዟ ከተማ ፋይል ሲታይ ነው የሚመጣው፦

```
grass_spacing 0.25
music_volume  0.8
```

ፋይሉ ውስጥ ያለው 0.25 ነው። ዜሮ የሚል የትም የለም። የተጫዋቹን ፋይል አስልከው አስተያዩት፤ ከእነርሱ ጋር አንድ ነው። ዳምፑ ሟቹን አሳይቷል፣ በምን እንደሞተም አሳይቷል፤ 0.25 በምን መንገድ ዜሮ ሆነ የሚለውን ግን አያውቅም። ምክንያቱም ያ የሆነው ከሞቱ በፊት፣ ከተማዋ ስትከፈት ነው፤ ፎቶው ሲነሳ ያ ተግባር ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ያን አንድ መስመር ጨምረው ቢልኩት ኖሮ ጌሙ መዝጋቱን ይተዋል፤ ሣሩ ግን አይወዛወዝም፣ ሙዚቃውም እንደጠፋ ይቀራል።

ሙዚቃው! ልጁ መጀመሪያውኑ ጽፎላቸው ነበር። «ሙዚቃውም ይጠፋል» ያለውን ሦስቱም እንደ ተጨማሪ ቅሬታ አይተው አልፈውታል። አሁን ሲታይ 0.25 ዜሮ ከሆነ 0.8ም ዜሮ ሆኗል፤ የድምፅ መጠን ዜሮ ማለት ዝምታ ነው። ሁለቱ ቅሬታዎች አንድ ስህተት ናቸው፤ ጥያቄውም ጠበበ። አሁን የሚፈለገው ጌሙን የሚዘጋው ሳይሆን ነጥብ ያለባቸውን ቁጥሮች የሚበላው ነገር ነው።

ወደ ሎጉ ተመለሱ። አንደኛው መስመር `3.42 s` ይላል። አራተኛው `0,91 s` ይላል። ነጥብ ነበረ፣ ኮማ ሆነ።

በጀርመን የቁጥር አጻጻፍ ሙሉውን ከክፍልፋዩ የሚለየው ኮማ ነው፤ እኛ በነጥብ «0.25» የምንለውን እነርሱ «0,25» ብለው ይጽፋሉ። ዊንዶውስ የተጠቃሚውን አገር ያውቃል፤ ፕሮግራም በዚያ አገር ልማድ ልሥራ ብሎ ከጠየቀም ይፈቅድለታል። ካልጠየቀ ግን የሲ ቋንቋ ፕሮግራሞች በነጥብ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ሎጉ የሚለው ግልጽ ነው፦ ጌሙ ሲጀምር በነጥብ ነበር፤ በመካከል አንድ ሰው ወደ ጀርመን ልማድ ቀየረው። ከዚያ ወዲያ «0.25» ሲነበብ ዜሮው ይወሰዳል፣ ነጥቡ ላይ ሲደርስ «ይህ የቁጥር አካል አይደለም» ተብሎ ንባቡ ይቆማል። የቀረው ዜሮ ነው።

መላ ምቱ ደስ ይላል፤ መላ ምት ግን ማስረጃ አይደለም። ኮምፒውተራቸውን ወደ ጀርመን አገር ቅንብር ቀይረው ድልድዩን ተሻገሩ። አልዘጋም። ደግመው ሞከሩ፤ አልዘጋም።

ብዙ ምርመራ እዚህ ላይ ይከሽፋል። የተገኘው ፍንጭ «እንግዲህ አይደለም» ተብሎ ይጣልና ወደ ግምት ይመለሳል። ፍንጩ ግን ሎጉ ላይ በዓይን የሚታይ ነው፤ ኮማው አለ። የጎደለው ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ ነው። አንድ በአንድ መለየት የሚባለው ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ነው፦ የተጫዋቹንና የራስን አካሄድ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ሁሉ መዝግቦ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት እንዲቆይ አድርጎ አንዱን ብቻ መለወጥ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ ጌሙ ቢዘጋ የትኛው እንዳደረገው አይታወቅም። ባይዘጋ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ የሚያመጣውን ሌላው ሸፍኖት ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የልጁን የተቀመጠ ጨዋታ አስልከው ከዚያ ጀመሩ። አልዘጋም፤ እንዲያውም የተቀመጠው ጨዋታ የወንዟ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ድልድዩ ጭራሽ የለም። ይህ ራሱ አንድ ነገር ተናገረ፦ «አንዳንዴ አይዘጋም» ያለው ካስቀመጠው ቦታ ሲቀጥል ይሆናል። ተጠየቀ፤ «አዎ፣ እንደገና ስከፍተው ይሠራል» አለ። ስለዚህ አስፈላጊው ነገር ከመጀመሪያዋ ከተማ እስከ ወንዟ ከተማ ባለው መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሎጉ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የድልድዩ ፊልም።

ልጁ ፊልሙን አይቶታል፤ ከ14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እስከ 15 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ፣ ሙሉውን። የጌሙ ባለቤቶች ግን ፊልሙን ራሳቸው ሠርተውት ሰልችቷቸዋል፤ ገና ከመጀመሩ በፊት እስፔስን ይጫናሉ፣ ጣታቸው ለምዶታል። የጀርመኑን ቅንብር እንዳለ ትተው፣ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ወንዟ ከተማ ገቡ። መስኮቱ ጠፋ።

ሠሪዎች የራሳቸውን ጌም እንደ ተጫዋች አይጫወቱም፤ የተጫዋቹን መንገድ መድገም ሲባል የሚሰለቸውንም መድገም ነው።

ከዚያ አራቱን አማራጮች ሞከሩ። የአዲስ አበባ ቅንብርና ፊልሙ የታየ ሲሆን አይዘጋም። የአዲስ አበባ ቅንብርና ፊልሙ የታለፈ ሲሆን አይዘጋም። የጀርመን ቅንብርና ፊልሙ የታለፈ ሲሆን አይዘጋም። የጀርመን ቅንብርና ፊልሙ የታየ ሲሆን ሁልጊዜ ይዘጋል። «አንዳንዴ» የሚለው ቃል ጠፍቶ «ሁልጊዜ» ሲተካ ምርመራው አብዛኛው መንገድ ተጉዟል ማለት ነው። የቀረው ፊልሙን የሚያጫውተው ከውጭ የተገኘ ላይብረሪ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር። `setlocale` የሚባለው ተግባር ላይ ማቆሚያ ምልክት አድርገው ጌሙን አስነሱት፤ የጠራው ያ ላይብረሪ ሆኖ ተገኘ። ጥሪው መላውን ፕሮግራም ነው የሚለውጠው፤ ፊልሙ ካለቀም በኋላ የሚመልሰው የለም።

በመጨረሻ ጌሙን ጨርሶ ተዉትና የሚከተለውን ጻፉ፦

```c
setlocale(LC_ALL, "de-DE");
float f = strtof("0.25", NULL);
printf("%f\n", f);
```

የሚታተመው `0,000000` ነው። ድልድይ የለም፣ ሣር የለም፣ ፊልም የለም፤ ስህተቱ ግን ሙሉ በሙሉ አለ። አንድ ብልሽት ወደዚህ ያህል ሲጠብ ለማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ማሳየት ይቻላል፤ የላይብረሪውን ባለቤቶችም ጭምር።

መፍትሔው የፋይል ንባቡን የአገር ልማድ ወደማያውቀው `std::from_chars` መለወጥ ሆነ። ስፋቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሆኖ ከተነበበም ጌሙ ዝም ብሎ እንዳይቀጥል፣ የፋይሉንና የመስመሩን ስም ሎጉ ላይ እንዲጽፍ አደረጉ። ማረጋገጫው ደግሞ ሁለት ወገን አለው። አዲሱ ቅጂ በጀርመን ቅንብር ፊልሙ ታይቶ አለመዝጋቱ አንዱ ነው። በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ሰዓት፣ አሮጌው ቅጂ አሁንም መዝጋቱ ሌላው ነው። አሮጌው ሳይዘጋ ከቀረ የሙከራው ሁኔታ ተለውጧል፤ የአዲሱ ደህንነትም አልተረጋገጠም።

ከጽሑፍ ፋይል ቁጥር ማንበብ እንዲህ ቀላል መስሎ የሚያስቸግር ነገር ነው። በዓለም የታወቀ ጌም ውስጥ የዚህ ዘመድ የሆነ ስህተት 20 ዓመት ተደብቆ ኖሯል። ግራንድ ቴፍት ኦቶ ሳን አንድሪያስ የወጣው በ2004 ሲሆን ለኮምፒውተር የቀረበው በ2005 ነው። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 የሚባለው ቅጂ ከወጣ በኋላ ተጫዋቾች «ስኪመር የሚባለው ውኃ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን ጠፋ» ማለት ጀመሩ። ለዚህ ጌም ማስተካከያዎችን በመሥራት የሚታወቀውና ሳይለንት በሚል ስም የሚጽፈው ፕሮግራመር ጉዳዩን ያዘ። እርሱ ጋ አውሮፕላኑ በቦታው አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ከዚያ ቀደም ያለው ዊንዶውስ ነውና። ስለዚህ አዲሱን ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ጫነና ምንም ማስተካከያ ያልተጨመረበትን ጌም አስነሳ። አውሮፕላኑ የለም። የራሱ ማስተካከያ ጥፋተኛ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ፤ የሚመረመረውም ነገር ጠበበ።

አውሮፕላኑን በግድ ሲያስነሳው ገጸ ባሕሪው ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ ከፍታው በሜትር ሲጻፍ ከአንድ ቀጥሎ 31 ዜሮ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ማንም አስቦ አይጽፍም፤ ያልተሞላ ሜሞሪ ሲነበብ ነው የሚገኘው። ያንን ቁጥር ወደ ኋላ እየተከተለ የመኪኖች ዝርዝር ወደሆነው `vehicles.ide` ደረሰ። በሌሎቹ አውሮፕላኖች መስመር መጨረሻ ላይ የጎማው መጠን ይጻፋል፤ የስኪመር መስመር ግን የለውም። በቀደመው ቫይስ ሲቲ ስኪመር የተመደበው ከጀልባዎች ጋር ስለነበር ጎማ አላስፈለገውም፤ በሳን አንድሪያስ ወደ አውሮፕላን ሲዛወር የጎማውን ቁጥር የጨመረለት የለም። ጌሙም ቁጥሩ ባይገኝ መነሻ ዋጋ አያስቀምጥም፤ ሜሞሪው ላይ የተገኘውን ይወስዳል። ለ20 ዓመት እዚያ ሲገኝ የኖረው ከስኪመር በፊት የተነበበው መኪና የተወው 0.7 ነው፤ ለጎማ የሚስማማ ቁጥር። አዲሱ ዊንዶውስ በሁለቱ ንባቦች መካከል የሚጠራ የራሱን አንድ ተግባር አሻሻለ፤ ተግባሩም ያንኑ የሜሞሪ ቦታ መጠቀም ጀመረ። 0.7 ተሠረዘ። ዊንዶውስ ያጠፋው ነገር የለም፤ ያ ቦታ ይቆያል ብሎ ለማንም ቃል አልገባም ነበር።

የፍራንክፈርቱም የስኪመሩም ምርመራ የቻለው ችግሩ ሲገኝ የሚደገም ስለሆነ ነው። የማይደገምም አለ። ጊልድ ዋርስ የተባለውን ጌም ከሠሩት አንዱ ፓትሪክ ዋያት እንደጻፈው፣ ከተጫዋቾች የሚመጡላቸው አንዳንድ ዳምፖች በኮዱ ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ያሳዩ ነበር። የሥራ ባልደረባው ማይክ ኦብራየን ጌሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ፈተና አስገባ፦ ሜሞሪ ይወስዳል፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሒሳብ ይሠራል፣ ውጤቱን ከትክክለኛው ጋር ያስተያያል፤ ይህንንም ጌሙ እየተጫወቱት በየሰከንዱ ከ30 እስከ 50 ጊዜ ይደጋግመዋል። ከተጫዋቾቹ ኮምፒውተሮች አንድ በመቶ ያህሉ ይህን ፈተና ወደቁ። ሁለትና ሁለትን በትክክል መደመር ያቃታቸው ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከልኩ በላይ እንዲሮጥ የተደረገ፣ ኃይል ሰጪው የማይበቃው፣ ወይም ማቀዝቀዣው በአቧራ የተዘጋ።

ከእንዲህ ያለ ኮምፒውተር የመጡ ዳምፖች የሚለዩት አንዱ ከሌላው ባለመመሳሰሉ ነው። የሶፍትዌር ስህተት ያለበት ጌም ከመቶ ተጫዋች ዳምፕ ቢመጣለት ብዙዎቹ አንድ ተግባር ላይ ይቆማሉ፤ እንደ `GrassGrid::CellAt` ማለት ነው። አንድ ተጫዋች አምስት ዳምፕ ልኮ አንዱ ድምፅ ላይ፣ አንዱ ምስል ላይ፣ አንዱ ፋይል ንባብ ላይ ከሞተና ሌላ ሰው ዘንድ አንዱም ካልታየ ግን ኮድ ከመቆፈር በፊት «እባክህ የሜሞሪ ፈተና አሂድልንና ውጤቱን ላክልን» ብሎ መጻፍ ይቀድማል። ልጁ «ሌላው ጌም እኮ ይሠራል» ብሎ ሊመልስ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ፈተናውን እንዲያሂድ ይጠየቃል፤ ያ ሌላው ጌም ሜሞሪውን ያን ያህል ላያስጨንቀው ይችላልና።